ሁለተኛው ካሜራ የሚጨምረው ሥራ

በሠርግ ፎቶግራፍ ሥራ ለጀመራችሁ ወጣቶች፦

የጥቅል ዋጋ ስታወጡ ብዙዎቻችሁ የምትቆጥሩት ካሜራ ይዛችሁ የምትውሉበትን ጊዜ ብቻ ነው። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ሳሰላ ኖሬ፣ ከሠርጉ በኋላ በኮምፒውተር ፊት የማሳልፈውን ጊዜ መመዝገብ ስጀምር ነው ስህተቴ የታየኝ።

አንድ ሠርግ እንውሰድ። ለ10 ሰዓታት አንስታችሁ 3,000 ያህል ፎቶ ይዛችሁ ተመለሳችሁ እንበል። የሚረከቡትን 600 ለይቶ ማውጣት 4 ሰዓት ይወስዳል፤ የእያንዳንዱን ብርሃንና ቀለም ማስተካከል በአማካይ 3 ደቂቃ ቢፈጅ 30 ሰዓት ይሆናል። ከሙሽሮቹ ጋር መነጋገሩ፣ ጉዞው፣ ፋይሎቹን በሁለት ቦታ ማስቀመጡና ማስረከቡ 6 ሰዓት ቢጨምር ድምሩ 50 ሰዓት ነው። ዋጋው መካፈል ያለበት ለ10 ሳይሆን ለ50 ነው፤ ለመሣሪያና ለግብር የሚወጣው ከተቀነሰ በኋላ ለአንድ ሰዓት የሚደርሳችሁ ገንዘብ የማያኖራችሁ ከሆነ ጥቅሉ ከመነሻው ከስሯል።

ስህተቱ የሚብሰው ሁለተኛ ፎቶ አንሺ ሲጨመር ነው። ደንበኛው ሲጠይቅ የባልደረባችሁን የቀን ክፍያ ብቻ ጨምራችሁ ትስማማላችሁ፤ ነገር ግን እርሱ 1,500 ፎቶ ቢያመጣና ከዚያ 250 ቢመረጥ፣ ለመለየት 2 ሰዓት፣ ለማስተካከል 12 ሰዓት ተኩል ገደማ በእናንተ ላይ ይወድቃል። የሁለቱ ካሜራዎች ሰዓት አስቀድሞ ካልተስተካከለ ፎቶዎቹ በጊዜ ቅደም ተከተል አይገጥሙም፤ የቀለም ቅንብራቸው ከተለያየም በአንዱ የነጣው ቀሚስ በሌላው ቢጫ ሆኖ ይወጣና ደቂቃዎቹ ይበዛሉ። ስለዚህ የሁለተኛው ሰው ዋጋ ክፍያው ሲደመር እነዚህ 15 የሚጠጉ ሰዓታት ነው።

አልበሙን ከጥቅሉ ነጥላችሁ አስሉት። የማተሚያ ቤቱና የማጓጓዣው ወጪ፣ ገጾቹን የማቀናበሩ ጊዜ፣ ለተበላሸ ኅትመት የሚያዝ መጠባበቂያ ይግቡበት። የገጹን ብዛትና ሁለት ዙር ብቻ ነጻ እርማት እንደሚኖር በውሉ ጻፉ፤ እኔ ይህን ባለመጻፌ አንዱን አልበም ሰባት ጊዜ ደግሜ አቀናብሬያለሁ።

በፎቶዎቹ የመጠቀም መብት እንደየአገሩ ሕግ ስለሚለያይ በውል በግልጽ ይቀመጥ። ሙሽሮቹ ለራሳቸው እንዲያትሙና ለወዳጆቻቸው እንዲያጋሩ የሚፈቅደው መብት በጥቅሉ ውስጥ ይካተታል፤ የቅጂ መብቱን ሙሉ በሙሉ ማስተላለፍ ግን ሌላ ዋጋ ያለው ሌላ ስምምነት ነው። ቀሚሱን የሰፋው ወይም አዳራሹን ያከራየው ድርጅት ፎቶውን ለማስታወቂያ ቢፈልግ፣ ለምን ያህል ጊዜና በየት እንደሚጠቀምበት ተወስኖ ለብቻው ይከፈልበት፤ ፊታቸው የሚታየው ሙሽሮችም አስቀድመው በጽሑፍ ይፍቀዱ። እናንተም ፎቶውን ለራሳችሁ ሥራ ማሳያ ለማድረግ ይኸው ፈቃድ ያስፈልጋችኋል።