ለካሩሰል ኬዝ ስተዲ ስላይዱ ላይ ምን ይጻፋል? ከአንድ የባልትና ማሸጊያ ሥራ

«ሰላም ቤተሰብ። ፍሪላንስ ዲዛይነር ነኝ። የጨረስኩትን የማሸጊያ ሥራ ካሩሰል አድርጌ ኢንስታግራም ላይ ልለጥፈው ነው። ሞክአፑ አልቋል፤ ግን ስላይዶቹ ላይ ምን እንደምጽፍ ግራ ገባኝ። ካፕሽኑስ ምን ይሁን?»

እህቴ፣ ሞክአፑን ለጊዜው ዝጊውና አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ። ደንበኛሽ ምን ቢቸግረው ነው አንቺ ጋ የመጣው? እሱ የመጀመሪያው ስላይድሽ ነው። ብዙ ጊዜ የማየው የመጀመሪያ ስላይድ የብራንዱ ስም ነው፤ ከሥሩም «የማሸጊያ ዲዛይን» ይላል። ብራንዱን የማያውቅ ሰው እሱን አይቶ የሚቆምበት ምክንያት የለውም። ችግሩን ግን ያውቀዋል።

በቅርቡ የለጠፍኩትን ላሳይሽ። ደንበኛዬ ባልትና እያዘጋጀች ለሱቆች የምታስረክብ ሴት ናት። ነጭ ሽሮ፣ ምጥን ሽሮ፣ በርበሬና ሚጥሚጣ አላት። አራቱም የሚታሸጉት ውስጡን በማያሳይ አንድ ዓይነት ከረጢት ነበር። ሎጎው ፊቱን ሞልቶታል፤ የምርቱ ስም ጥግ ላይ ባለች ትንሽ ስቲከር ተጽፏል። ባለሱቅ ሲጣደፍ ነጭ ሽሮ ለጠየቀችው ምጥን ይሰጣታል። አልጫ ልትሠራ ቤቷ ገብታ ስትከፍተው ቀይ ሆኖ ታገኘዋለች፣ ይዛው ትመለሳለች። ደንበኛዬን እኔ ጋ ያመጣት ይሄ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ስላይድ ላይ የድሮዎቹ ከረጢቶች መደርደሪያ ላይ እንዳሉ ፎቶ ተነስተው፣ ጽሑፉ ይህ ብቻ ሆነ፦

«ነጭ ሽሮ ጠይቀው ምጥን ይዘው የሚሄዱ ገዢዎች ነበሩ።»

ሁለተኛው፦

«አራት ምርት፣ አንድ ዓይነት ከረጢት። የሚለያቸው ጥግ ላይ ያለች ትንሽ ስቲከር ብቻ ነበረች።»

ሁለተኛው ስላይድ ራሱን ችሎ መቆም አለበት። ኢንስታግራም የመጀመሪያውን አይቶ ላለፈ ሰው ያንኑ ፖስት ከሁለተኛው ስላይድ ጀምሮ መልሶ የሚያሳይበት ጊዜ አለ። «ታዲያ ምን አደረግን?» ብለሽ ከጻፍሽበት ያ ሰው ምንም አይገባውም።

ሦስተኛው ላይ ሰዎች የሚዘሉት ነገር አለ፤ እሱም እጅሽን ያሰረው ምን እንደነበር ነው። የኔ እንዲህ ይላል፦

«ለእያንዳንዱ ምርት የራሱን ከረጢት ማሳተም አልተቻለም። ማተሚያ ቤቱ የሚቀበለው ትንሹ ብዛት ከአቅም በላይ ነበር።»

ይህቺ ስላይድ ብዙ ሥራ ትሠራለች። ሌላ ዲዛይነር «ለምን አራት ከረጢት አልሠራህም?» የሚለውን ጥያቄ ሳይጠይቅ ይመለስለታል። ከዚህም በላይ፣ በጀቱ የጠበበ ሌላ ነጋዴ ሲያያት «ይሄ ሰው የኔን ችግር ያውቀዋል» ይላል። ሊያሠሩኝ ፈልገው የጻፉልኝ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱልኝ ይህቺን ስላይድ ነው እንጂ ሞክአፑን አይደለም።

አራተኛው ውሳኔው ነው፦

«ከረጢቱ አንድ ሆኖ ቀረ። ሎጎው ወደ ላይ ወጣ፤ ታችኛው ግማሽ ለስቲከር ክፍት ተተወ።»

አምስተኛው ስቲከሩን በቅርብ ያሳያል፦

«የምርቱ ስም ከብራንዱ ስም በለጠ። ነጭ ሽሮ ክሬም፣ ምጥን ብርቱካናማ፣ በርበሬ ቀይ፣ ሚጥሚጣ ጥቁር መደብ።»

አየሽ፣ በየስላይዱ አንድ ሐሳብ ብቻ ነው ያለው፤ ውሳኔውም ከነምክንያቱ ተቀምጧል። «ንጹህ፣ ዘመናዊ፣ ማራኪ» የሚሉትን ቃላት ተያቸው። ንጹህ መሆኑን ምስሉ ራሱ ይናገራል፤ የማይናገረው ለምን ጥቁር መደብ እንደመረጥሽ ነው። በርበሬና ሚጥሚጣ ሁለቱም ቀይ ቢሆኑ ስህተቱ ከሽሮው ወደነሱ ይዞር ነበር። ይህን እኔ ለካፕሽኑ አስቀመጥኩት።

ስድስተኛው ውጤቱ ነው። እዚህ ጋ ሰው «ሽያጭ በ40% አደገ» ብሎ መጻፍ ያምረዋል። ደንበኛሽ ቆጥራ ካልሰጠችሽ እንዳትጽፊው። አንድ ሰው «እንዴት ለካችሁት?» ብሎ ኮሜንት ላይ ቢጠይቅ የምትመልሺው አይኖርሽም። እኔ ምርቱ ወደሚሸጥባቸው ሱቆች ሄጄ ባለሱቆቹን ጠየቅኩ፤ የነገሩኝንም ሳልጨምር ጻፍኩት፦

«ባለሱቆቹ አሁን ስሙን ሳያነቡ፣ በቀለሙ ለይተው ያነሳሉ።»

የመጨረሻው ላይ የኔ ድርሻ ምን እንደነበር፣ ፎቶውን ማን እንዳነሳና እንዴት እንደምገኝ አለ። በቃ፣ ሰባት ናቸው። ኢንስታግራም እስከ 20 ይፈቅዳል፤ ግን ለአንድ ውሳኔ 20 ስላይድ አያስፈልግም። ቴሌግራም ላይም የምትለጥፊው ከሆነ አንድ አልበም ከ10 ፎቶ በላይ አይይዝም።

አሁን ስለ ፊደሉ። ስላይዱን በ1080 በ1350 ፒክሰል ስትሠሪ ስልክ ላይ ሲታይ ወደ ሲሶ ገደማ ያንሳል። ኮምፒውተርሽ ላይ የሚነበብ 28 ፒክሰል ጽሑፍ ስልክ ላይ ይጠፋል። እኔ ለአማርኛ ከ44 በታች አልወርድም። የኛ ፊደል ልዩነቱ ያለው ትንንሽ ምልክት ላይ ነው። «መ» እና «ሙ»ን የምትለየው ያቺ ጭረት ናት፤ በጣም የወፈረ ፎንት በትንሽ መጠን ከተጠቀምሽ የ«ጠ»ና የ«ጨ» ክፍተት ይደፈናል። ቦልድ ለርዕስ፣ መደበኛው ለሐሳቡ ይሁን። በመስመሮቹ መሃልም ከእንግሊዝኛው ሰፋ ያለ ክፍተት ስጪ። ጨርሰሽ ከመለጠፍሽ በፊት ወደ ስልክሽ ላኪውና ክንድሽን ዘርግተሽ አንብቢው። ዓይንሽን ካጠበብሽ ፊደሉን አሳድጊ፤ ቦታ ከጠፋ ቃል ቀንሺ።

አማርኛና እንግሊዝኛ አንድ ስላይድ ላይ አትደርቢ። ሁለቱም ያንሳሉ። ሥራ የምትፈልጊው እዚሁ ካለ ነጋዴ ከሆነ በአማርኛ፣ ውጭ ካለ ደንበኛ ከሆነ በእንግሊዝኛ ለብቻው አዘጋጂ።

ካፕሽኑ ስላይዱን መድገም የለበትም። ኢንስታግራም እስከ 2,200 ፊደል ቢፈቅድም ሰው ሳይከፍት የሚያየው የመጀመሪያውን መስመር ወይም ሁለቱን ብቻ ነው። «በዚህ አዲስ ሥራዬ ደስ ብሎኛል» እዚያ ላይ ቦታ ይበላል። የኔ ይኸውልሽ፦

«አራት ምርት በአንድ ከረጢት እንዴት ይለያል?

ደንበኛዬ ባልትና ታዘጋጃለች። ባለሱቆች ነጭ ሽሮና ምጥን ሽሮ እያምታቱ ገዢዎች ዕቃ ይመልሱ ነበር። ለሁሉም የተለየ ከረጢት ማሳተም ስላልተቻለ ለውጡን ስቲከሩ ላይ አደረግነው።

ያከራከረን የሚጥሚጣው ቀለም ነበር። ቀይ ቢሆን ከበርበሬው ጋር ስለሚምታታ ጥቁር መደብ መረጥን። ስቲከሮቹን በትክክለኛ መጠናቸው አትመን መደርደሪያ ላይ ለጥፈን፣ ከባንኮኒው ማዶ ሆነን አየናቸው።

የኔ ሥራ፦ የከረጢቱ ገጽታና አራቱ ስቲከሮች። ሎጎው ከድሮም የነበረ ነው።

ብዙ ምርት ኖሮሽ በአንድ ማሸጊያ የምትሸጪ ከሆነ የአሁኑን ፎቶ ላኪልኝ፤ እንነጋገርበታለን።»

«ሎጎው ከድሮም የነበረ ነው» የምትለዋን እንዳትተያት። ያልሠራሽው ነገር በዝምታ ያንቺ ከመሰለ፣ ሎጎውን የሠራው ሰው አንድ ቀን ኮሜንት ላይ ይመጣል። መጨረሻ ላይ ያለው ጥሪም «ለሥራ ያናግሩኝ» ከሚለው የተሻለ ሰው ያመጣል፤ ምን መላክ እንዳለበት ይነግረዋልና። ቴሌግራም ላይ ግን በነጻው አካውንት የፎቶ ካፕሽን 1,024 ፊደል ላይ ስለሚቆም፣ የተረፈውን ከሥር ለብቻው ላኪው።

ከመለጠፍሽ በፊት ስላይዶቹን ለደንበኛሽ አሳያት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስላይዶች የሷን ንግድ ጉድለት ነው የሚያወሩት። ደንበኛዬ የመጀመሪያ ረቂቄን አይታ «ዕቃዬ ይመለሳል ተብሎ በስሜ አይጻፍ» አለችኝ፤ ልክ ነበረች። የድርጅቱን ስም ከካፕሽኑ አወጣሁት፤ የድሮው ከረጢት ላይ ያለውንም ሎጎ ፎቶው ላይ አደበዘዝኩት። ታሪኩ ምንም አልጎደለበትም። አንቺም ፈቃዱን በጽሑፍ ተቀበያት፤ ቴሌግራም ላይ «እሺ ለጥፊው» ብላ ብትጽፍልሽ ይበቃል።