ለዱቄት ፋብሪካው የጥራት ቁጥጥር ፈተና፦ ዜድ ወይስ ቲ?

«ከደብረ ማርቆስ ነው የምጽፍልዎት። ስታቲስቲክስ ተመርቄያለሁ። ቡሬ ያለ አንድ የዱቄት ፋብሪካ ለጥራት ቁጥጥር ሥራ ለፈተና ጠርቶኛል። ናሙናው ከ30 ካነሰ የቲ ፍተሻ፣ ከበለጠ የዜድ ፍተሻ ብዬ ይዣለሁ። ይበቃኛል? የፓወር ስሌትስ ይመጣብኝ ይሆን?»

እህቴ፣ አይበቃሽም። መጀመሪያ የሚጠየቀው የናሙናው ብዛት ሳይሆን የሕዝቡ መደበኛ ልይይት መታወቁ ነው። ከናሙናው ራሱ ከገመትሽው ቲ ነው። 30 የሚባለው ቁጥር ናሙናው ሲበዛ ሁለቱ ሥርጭቶች ስለሚቀራረቡ የመጣ ማቅለያ ነው።

በፋብሪካው ሥራ እንየው። ከረጢቱ 25 ኪሎ ተብሎ ይሸጣል፤ አንቺ የምትፈሪው መጉደሉን ነው። 9 ከረጢት መዘንሽ እንበል፤ አማካዩ 24.65፣ የናሙናው መደበኛ ልይይት 0.6 ኪሎ ወጣ። 0.6 ለ9 ዳግም ዘር፣ ማለትም ለ3 ሲካፈል መደበኛ ስሕተቱ 0.2 ይሆናል፤ የፍተሻው ዋጋም −0.35/0.2 = −1.75። በ5 በመቶ የዜድ ወሰን −1.645 ስለሆነ «ጎድሏል» ትያለሽ። በ8 የነፃነት ዲግሪ የቲ ወሰን ግን −1.860 ነው፤ ባዶ መላምቱን፣ ማለትም አማካዩ 25 ኪሎ ነው የሚለውን፣ መጣል አትችይም። በተመሳሳይ ቁጥር ሁለት ፍርድ! ትክክለኛው የቲው ነው። በዜድ ብትሄጂ 5 በመቶ ያልሽው የስሕተት ዕድል በእውነቱ ወደ 7 በመቶ ይጠጋል፤ ያልበደለ ማሽን የሚከሰስበት ዕድል ያድጋል።

እዚህ ላይ «ከረጢቶቹ ሙሉ ናቸው» ብለሽ እንዳትጽፊ አደራ። መልሱ ያለው ፓወሩ ላይ ነው፦ ጉድለት በእርግጥ ቢኖር ፍተሻው የሚይዝበት ዕድል። እውነተኛው አማካይ 24.6 ቢሆን፣ ማለትም 0.4 ኪሎ ቢጎድል፣ በ9 ከረጢት የመያዝ ዕድልሽ 57 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በኮምፒውተር ቢፈትኑሽ አር (R) በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም እንዲህ ይወጣል፦

```r
power.t.test(n = 9, delta = 0.4, sd = 0.6,
  type = "one.sample", alternative = "one.sided")
```

`n = 9` የሚለውን `power = 0.8` ብለሽ ብትተኪው 15 ከምናምን ይሰጥሻል፤ ወደ ላይ ተጠግቶ 16 ከረጢት ማለት ነው። በኖርማል ሥርጭት በእጅ ብታሰይው 14 ይወጣል፤ ልዩነቱ ልይይቱን ራሱን ለመገመት የሚከፈለው ዋጋ ነው።

ከረጢቶቹ ግን በተከታታይ ከአንድ ማሽን የወጡ መሆን የለባቸውም፤ ተመሳሳይ ስለሚሆኑ ልይይቱ ከእውነቱ ያነሰ መስሎ ይታያል። በፈረቃው የተለያየ ሰዓት ውሰጂ። እጅግ የራቀ አንድ ክብደት ካየሽም ከስሌቱ በፊት ሚዛኑን አጣሪ፤ በ9 ናሙና ውስጥ አንዱ ብቻውን አማካዩንም ልይይቱንም ያበላሻል።

ፈታኙ «0.4 ኪሎን ከየት አመጣሽው?» ብሎ እንደሚጠይቅሽ እጠብቃለሁ። ፋብሪካው ሊታገሠው ከማይችለው ጉድለት ተነሥቼ፣ ከመመዘኔ በፊት የወሰንኩት ነው በዪው። ከናሙናው የተገኘውን 0.35 መልሰሽ ፓወር ብታሰይበት የሚነግርሽ አዲስ ነገር የለም፤ ፍተሻው አስቀድሞ ያለሽን ብቻ ይደግምልሻል።