ዋዩን ሳዞረው ኤልቦው ለምን አልገጥም አለ?

ጥያቄ፦ «የሻወር ፍሳሽ በ3ዲ እየሳልኩ ነው፣ 110 ሚሊው ዋና መስመር ላይ 50 ሚሊውን ፓይፕ በዋይ ላስገባ ብዬ ዋዩን ወደ ላይ አዞርኩት፣ ከዛ 45 ኤልቦ ስሰጠው አልገጥም አለ። ስሎፑ ነው ችግሩ?»

ስሎፑ አይመስለኝም ወንድሜ፣ 2 ፐርሰንት እኮ ከ1 ዲግሪ ትንሽ ብትበልጥ ነው። ችግሩ ማዞርህ ነው። ዋዩ፣ ማለትም ቅርንጫፍ ያለው የY ቅርጽ መገጣጠሚያ፣ ጠፍጣፋ ሲተኛ ቅርንጫፉ በ45 ዲግሪ ይወጣል፣ 45 ኤልቦ ስትጨምርለት ድምሩ 90 ይሆንና ከዋናው ቀጥ ብሎ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ግን ይሄ ሂሳብ የሚሠራው ሁለቱም አንድ ገጽ ላይ ሲሆኑ ብቻ ነው። ዋዩን ወደ ላይ 45 ስታዞረው ቅርንጫፉ ወደ ጎንም ወደ ላይም ስለሚሄድ ከዛ ተነስቶ በአግድም ወደ ሻወሩ ለመታጠፍ የሚፈልገው 60 ዲግሪ ነው። 60 ካላገኘህ ሁለት 30 ኤልቦ አንድ ላይ ይሠሩልሃል። ሳይት ላይ ይሄን የማያውቅ ሰው 45ቱን በእሳት አሙቆ ይለጥጠዋል፣ ከዛ ሶኬቱ ኦቫል ሆኖ ጎማው አይዝም፣ ያንጠባጥባል።

እኔ ብሆን ግን ዋዩን ባላዞረውም ነበር። መጀመሪያ ሌቭሉን ከታች ጀምረህ ወደ ላይ አስላው፣ ከሻወሩ ከጀመርክ መጨረሻ ላይ ቁመት ያጥርሃል። ለምሳሌ ዋናው መስመር ቋሚው ፓይፕ ጋ ሲገባ ሴንተሩን ዜሮ በለው። ዋዩ ከዛ 4 ሜትር ላይ ነው ብንልና 110ሩ በ1 ፐርሰንት ቢሄድ እዛ ጋ ሴንተሩ 4 ሳንቲም ይሆናል። ውሃ ይዞ ሽታ የሚያግደው የሻወሩ ትራፕ መውጫው 16 ሳንቲም ላይ ነው እንበል፣ 50ው 2 ሜትር በ2 ፐርሰንት ሲመጣ 4 ሳንቲም ይወርድና 12 ላይ ይደርሳል። ስለዚህ በ12 እና በ4 መሀል 8 ሳንቲም ትርፍ አለህ ማለት ነው።

ይቺን 8 ሳንቲም በሁለት 45 ኤልቦ አውርዳት፣ ዋዩ ጠፍጣፋ እንደተኛ ይቅር። በኤልቦዎቹ መሀል ከሴንተር ሴንተር 8 በ1.414 ስታባዛ 11.3 ሳንቲም ነው፣ ፓይፑን ስትቆርጥ ከዚህ ላይ የሁለቱን ፊቲንግ ልክ ቀንስ። ሶፍትዌሩ እዚህም እምቢ ካለ ብዙ ጊዜ ለሁለቱ ፊቲንግ ቦታ ጠቦት ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ፣ ቬንቱን፣ ማለትም አየር የሚያስገባውን ፓይፕ፣ ከዚህ መውረጃ በፊት አውጣው። ከትራፑ እስከ ቬንቱ ያለው ዝቅታ ከፓይፑ ዲያሜትር ማለትም ከ50 ሚሊ መብለጥ የለበትም፣ ያንተ 40 ስለሆነ ያልፋል። ቬንቱ ከመውረጃው በኋላ ከሆነ ውሃው ሲወርድ ትራፑ ውስጥ ያለውን ውሃ አብሮ ይስበዋል፣ ሻወሩ ፍሳሹን ሲጨርስ ጉልጉል የሚል ድምፅ ከሰማህ ከዛም ሽታ ከመጣ ምክንያቱ እሱ ነው።