«እንደ»ን ብታጠፉት ምን ይቀራል?

ልጆች፣ ባለፈው ሰሞን የካ አባዶ ታክሲ ወረፋ ላይ አንዲት የሰፈራችን ልጅ ግጥም የጻፈችበትን ስልክ ዘረጋችልኝ። «ጋሼ፣ ተነጻጻሪ ዘይቤን ወደ ተለዋጭ ለመቀየር ‹እንደ›ን ማጥፋት ብቻ አይደለም እንዴ?» አለችኝ። ታክሲው መጣና ሳልመልስላት ተለያየን። ነገሩ ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። ዛሬ ኮንዶሚኒየም የቆመበት አካባቢ ያኔ የጤፍ ማሳ ነበር። በጉብዝናዬ፣ መንገድ ሊወጣ ግሬደር የገባ ሰሞን፣ ስለ አባቴ ይህን ጻፍኩ፦

አባቴ ማሳው ዳር፣ ቁጭ አለ እንደ ጉቶ፣
ግሬደሩን ያያል፣ ሞፈር ቀንበር ትቶ።

ለአንድ መጽሔት ሰጠሁት። አዘጋጁ «‹እንደ› ግጥም ታልፈሰፍሳለች» ባይ ነበር። ታትሞ ሳየው የመጀመሪያው ስንኝ «አባቴ ማሳው ዳር፣ የተረሳው ጉቶ» ሆኗል። ሁለተኛው እንዳለ ነው። ምጣኔው አልተዛነፈም፣ ቤቱም ይመታል። ሥዕሉ ግን ፈረሰ።

የኔን ስንኝ ስታነቡ የምታዩት ሰውዬውን ነው። ባርኔጣው አለ፣ ጉልበቱ ላይ የተጣሉት እጆቹ አሉ። ጉቶው ብልጭ ብሎ ይጠፋል። «ቁጭ አለ» የሚለው ግስ ከጉቶ የምንፈልገው አቀማመጡን ብቻ እንደሆነ ይነግራችኋል፤ አለመነቃነቁን ማለቴ ነው። ሌላውን የጉቶ ጠባይ በር ላይ ያስቀረዋል። ስለዚህ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሰውዬው «ያያል» ሲባል ዓይኑ ገና የራሱ ነው።

በአዘጋጁ ስንኝ ግን አባቴ የለም። ማሳው ዳር ያለው ጉቶ ነው። ተለዋጭ ዘይቤ አንዱን በሌላው ይተካል፤ ሲተካ ደግሞ ዕቃውን ሁሉ ይዞ ይገባል። ጉቶ ተቆርጧል፤ ማን ቆረጠው? ጉቶ አጭር ነው፤ የሰፈሩ ሰው አጭር ሰው ላይ የሚያላግጥበትም ስም ነው። አባቴ ደግሞ እውነትም አጭር ነበር። ከዚያ ይህ ጉቶ ግሬደር ያያል፣ ሞፈር ቀንበርም ይተዋል። አንባቢው ዓይንና እጅ ያለው ጉቶ ለመሳል ሲታገል ሰውዬውንም ጉቶውንም ያጣል።

አባቴ ማንበብ አይችልም። የጎረቤት ልጅ አነበበለት፤ ቤቱ ሙሉ ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ። ማታ ላይ ግን «ጉቶ አልከኝ?» አለኝ። የኔን ስንኝ በቃሌ እወጣው ነበር። አላልኩለትም፤ ከብት ላስገባ ብዬ ወጣሁ። ሳላነብለት ሞተ።

አርስቶትል በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው ይላል። ስለ ግሪኩ ጀግና ስለ አኪሊስ «እንደ አንበሳ ተወረወረ» ካልክ ተነጻጻሪ፣ «አንበሳው ተወረወረ» ካልክ ተለዋጭ። ባይሆን ተነጻጻሪው ስለሚረዝም ያን ያህል አይጥምም ባይ ነው። ለአንድ ዓረፍተ ነገር ልክ ብሏል። በግጥም ግን ቀጣዩ ስንኝ አለ። ተለዋጭ ከመረጣችሁ ቀጣዩ ስንኝ ለአዲሱ ነገር መገዛት አለበት። የቅኔ ሰዎች ይህን ያውቁበታል፤ ሰሙና ወርቁ ጎን ለጎን ይቆሙና ማሰሪያው ግስ ለሁለቱም ይሠራል።

የአዘጋጁን ስንኝ ማዳን ይቻል ነበር። ባህር ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው እንደሚያቆጠቁጥ እንጦጦን ያየ ሁሉ ያውቃል። እንዲህ ማለት ነው፦

አባቴ ማሳው ዳር፣ የተረሳው ጉቶ፣
ግሬደሩ ሲያልፍም፣ ቀንበጡን አውጥቶ።

አሁን ጉቶው የጉቶ ሥራ ይሠራል፣ ሰውዬውም ከሥሩ ይታያል። «እንደ» የማይሰጠውን ነገርም ሰጠ፤ ሰውዬው አላለቀለትም አለ። ከኔዋ ትሻላለች። አይ፣ አትሻልም። አባቴ አላቆጠቆጠም። ከዚያ ወዲያ እርሻ አልያዘም፤ ቁጭ እንዳለ ቀረ። እኔ ያየሁት አቀማመጡን ነው፤ ለዚያ ደግሞ «እንደ» በቂ ነበረች።

«ልቤ ተሰበረ» እና «ጥርሷ እንደ ወተት» የመሳሰሉትን አላነሳም። ሁለቱም ከማለቃቸው የተነሳ ሥዕል አይሰጡም፣ ይህን ታውቃላችሁ። የዛሬ ልጆች ግጥም ላይ የማየው ጣጣ ሌላ ነው። «እሳት ነኝ፣ ባሕር ነኝ፣ ነፋስ ነኝ» በአንድ ትንፋሽ። «ነኝ» ማለት ድፍረት ይመስላችኋል። እሳቱ ሳይነድ ባሕሩ መጥቶ ያጠፋዋል፤ አንባቢው አንዱንም አያይም።

የታክሲዋ ልጅ ግጥምም እንደዚያው ነበር። ይህን ካነበብሽ፣ ከሦስቱ ሁለቱን ሰርዢ። እሳቱን ካስቀረሽ የሚቀጥለው ስንኝ ላይ ምን እንዳቃጠለ ጻፊ። የምትጽፊው ካጣሽ «እንደ»ን መልሺያት፤ ከእሳቱ የፈለግሽውም ሙቀቱን ይሁን ፍጥነቱን በግስ ንገሪን።