ቦታ የተለዋወጡ ሁለት አሃዞች

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የጡረታ ማኅደር ክፍል ጸሐፊ ነኝ። የቆዩ ፋይሎችን ወደ ኮምፒውተር ስናስገባ በአዋጅ ቁጥር 714/2003 መሠረት የተዘጋጀ አንድ አሮጌ የጡረታ ማስሊያ ሠንጠረዥ እጄ ገባ። በ25 ዓመት አገልግሎት ትይዩ 47.85 በመቶ ይላል። እኔ ሳሰላው ግን 48.75 ነው። ኃላፊዬን ባሳያቸው «ተይው ልጄ፣ ግማሾቹ ሞተዋል፤ ለጥቂት ሳንቲም ብለሽ ነገር አትቀስቅሺ» አሉኝ። ከዚራ የሚኖሩ አንዲት እናት የሟች ባለቤታቸውን ጡረታ ጉዳይ ይዘው ቢሯችን ይመላለሳሉ። ባለቤታቸው ያገለገሉት ልክ 25 ዓመት ነው። ሲመጡ ቀና ብዬ ማየት አቅቶኛል። ልንገራቸው ወይስ ዝም ልበል?

ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

እህቴ፣

ዝም አትበዪ። ነገር ግን ለእኚያ እናት አንዲት ቃል ከመተንፈስሽ በፊት የሚጣራ ነገር አለ።

ስሌትሽ ትክክል ነው። በዚያ አዋጅ ለሲቪል ሠራተኛ የመጀመሪያው 10 ዓመት 30 በመቶ ያስገኛል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 ይጨመራል። ለ15ቱ ዓመት 18.75 ነው፤ ድምሩ 48.75። ይህን ያህል ጊዜ ሰው ሳያየው የቀረበት ምክንያትም ይገባኛል። ከላዩ ያለው የ24 ዓመት ረድፍ 47.50፣ ከታቹ ያለው የ26 ዓመት ረድፍ 50.00 መሆን አለባቸው። 47.85 በሁለቱ መካከል ሰተት ብሎ ይገባል፤ ቁጥሩ ወደ ታች እያደገ ስለሚሄድ ዓይን አይጠራጠርም። የሚጋለጠው አንዱ ረድፍ ከሌላው ሲቀነስ ነው። ልዩነቱ ሁልጊዜ 1.25 መሆን ሲገባው እዚህ ላይ አንዴ 0.35፣ ቀጥሎ ደግሞ 2.15 ይሆናል። የሁለቱ ድምር 2.50 በመሆኑ ከሦስቱ ረድፎች የተበላሸው የመካከለኛው ብቻ ነው። ሌሎቹንም ረድፎች እንዲሁ እየቀነስሽ ፈትሺ።

የጎደለው 0.90 ደግሞ ስህተቱ እንዴት እንደተፈጠረ ይነግርሻል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አሃዞች ቦታ ሲለዋወጡ ልዩነቱ ምንጊዜም ለ9 ይካፈላል። 7 እና 8 ተቀያይረዋል፤ የጻፈው ሰው ጣት ቀድሞበት ይሆናል እንጂ ሂሳብ አልተሳሳተም። ለ9 መካፈሉ ብቻውን ግን ማስረጃ አይደለም፣ በአጋጣሚም ይመጣል። ማስረጃሽ አዋጁ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ሠንጠረዡ ተሳስቷል ማለት ክፍያው ተሳስቷል ማለት አይደለም፤ በእጁ ያሰላ ጠንቃቃ ሠራተኛ ኖሮ ሊሆን ይችላል። የሟቹን ፋይል አውጪና መጀመሪያ የተወሰነላቸውን የወር ጡረታ ለሦስቱ የመጨረሻ ዓመታት አማካይ ደመወዛቸው አካፍዪ። 0.4785 ከመጣ ስህተቱ ኪሳቸው ደርሷል፤ 0.4875 ከሆነ አልደረሰም። ዛሬ በሚከፈለው ገንዘብ ግን አታስዪ፤ በየጊዜው የተደረጉ ጭማሪዎች ስሌቱን ያደበላልቁታል።

አማካይ ደመወዛቸው 2,400 ብር የነበረ ሰው እንውሰድ። የሚገባቸው በወር 1,170 ብር ነበር፤ በሠንጠረዡ ግን 1,148.40 ይሆናል። የጎደለው 21.60 ብር በዓመት 259.20 ነው። ጭማሪ በመቶኛ ሲሰጥ ጉድለቱም አብሮ ያድጋል። የሚስት ድርሻ የባል ጡረታ ግማሽ ስለሆነ ጉድለቱም በግማሹ ወደ እርሳቸው ይሻገራል። ኃላፊሽ «ጥቂት ሳንቲም» ያሉት በእኔ ሚዛን ጥቂት አይደለም፤ በየወሩ ከአንዲት አሮጊት ጓዳ የሚጎድል ነው። ግማሾቹ ሞተዋል ማለታቸውም አያሳርፍም፤ የሟች ጡረታ ለተተኪ ይተላለፋልና።

በአሮጌው ወረቀት ላይ እስክሪብቶ አታሳርፊ። ኮፒውን አንሺና ትክክለኛውን ስሌት፣ ልክ 25 ዓመት ያገለገሉትን ሁሉ የፋይል ቁጥርና የእያንዳንዱን ውጤት አያይዘሽ ለኃላፊሽ በደብዳቤ አቅርቢ። መዝገብ ቤት ገቢ አድርጎ ቁጥርና ቀን ይስጠው። በቃል የቀረበ ነገር በቃል ይመለሳል፤ ቁጥር ያለው ደብዳቤ ግን መልስ ይጠይቃል። የውዝፍ ጥያቄ በይርጋ ሊታገድ ስለሚችል ደግሞ ለነገ አትበዪ።

የእናቲቱ ፋይል 0.4785 ካሳየ የመሥሪያ ቤቱን መልስ ሳትጠብቂ ንገሪያቸው። «እማማ፣ የባለቤትዎ ጡረታ እንደገና እንዲሰላ ማመልከት ይችላሉ» በያቸው። የሚወስነው የጡረታ አስተዳደሩ እንጂ አንቺ ስላልሆንሽ ይህን ያህል ብር ያገኛሉ አትበዪ። ማመልከቻው በእርሳቸው ስም ይጻፍ፤ መጻፍ ካስቸገራቸው አንቺ ጻፊላቸውና አንብበሽ አስፈርሚያቸው። ገቢ ሲሆን ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ይዘው ይሂዱ።