ሦስት ነገር የሚሸጥ ካፌ ወጪውን የሚሸፍነው ስንት ሲሸጥ ነው?

«አነስተኛ ካፌ አለኝ። ቡና በ30፣ ማኪያቶ በ60፣ ኬክ በ120 ብር እሸጣለሁ። ለአንዱ ቡና 10፣ ለማኪያቶ 30፣ ለኬክ 65 ብር ያስወጣኛል። ኪራይና ደመወዝን ጨምሮ በየወሩ የማይቀርልኝ ወጪ 180,000 ብር ነው። ስንት ብሸጥ ነው ከኪሳራ የምወጣው? ዕቃው አንድ ቢሆን ማስላት አያቅተኝም ነበር።»

እህቴ፣ የጎደለዎት አንድ ቁጥር ነው፤ ሦስቱ በምን መጠን ተቀላቅለው እንደሚሸጡ። የካፌዎችን ሂሳብ ስሠራ መጀመሪያ የምጠይቀው የደረሰኝ ቅጂዎችን ነው፤ ባለቤቶች በግምት ሲናገሩ ኬኩን ሁልጊዜ ያበዙታል።

ከ10 ሽያጭ 5ቱ ቡና፣ 3ቱ ማኪያቶ፣ 2ቱ ኬክ ነው እንበል። የቀጥታ ወጪው ሲነሳ ከቡና 20፣ ከማኪያቶ 30፣ ከኬክ 55 ብር ይተርፍዎታል። ስለዚህ አሥሩ በአንድነት 100፣ 90 እና 110፣ በድምሩ 300 ብር ያስገኛሉ፤ ለአንዱ በአማካይ 30 ብር። 180,000ን ለ30 ሲያካፍሉ 6,000 ይመጣል። ይህም በወር 3,000 ቡና፣ 1,800 ማኪያቶና 1,200 ኬክ ነው። በገንዘብ 342,000 ብር፣ በቀን 11,400 ብር ሽያጭ ማለት ነው።

ብዙዎች ሦስቱን ትርፍ ደምረው ለሦስት ያካፍላሉ። 35 ብር ያገኙና 5,143 ሽያጭ ይበቃኛል ብለው ይቀመጣሉ፤ በወሩ መጨረሻ ግን ወደ 25,700 ብር ይጎድላቸዋል። ቡናው ከኬኩ እጅግ በልጦ እንደሚሸጥ ያ ስሌት አያውቅም። ሌሎች ደግሞ ድርሻውን ከሽያጭ ብር ይወስዱና በነጠላ ትርፍ ያባዙታል። ያኔ ኬኩ ውድ ስለሆነ ብቻ ድርሻው ያብጣል፤ አማካዩም ወደ 38 ብር ያሻቅባል። ትርፉን በፍሬ ካሰሉ ድርሻውንም በፍሬ ይቁጠሩት።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ይህ ሁሉ የሚሠራው ቅልቅሉ ሳይለወጥ ሲቆይ ነው፤ እኛ አገር ደግሞ የሁዳዴ ጾም 55 ቀን ነው። ወተትና ቅቤ ሲቀሩ ከ10 ሽያጭ 8ቱ ቡና፣ 1 ማኪያቶ፣ 1 ኬክ ቢሆን አማካዩ ወደ 24.50 ብር ይወርዳል። ቤቱ እንደ ወትሮው ሞልቶ 6,000 ቢሸጥም የሚተርፈው 147,000 ብር ነውና 33,000 ብር ይከስራሉ። ወጪውን ለመሸፈን 7,347 ሽያጭ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ሰው የሚያሳስት ነገር አለ። በጾም ወር የሚያስፈልገው የሽያጭ ብር ከ342,000 ወደ 308,600 አካባቢ ዝቅ ይላል፤ ቡና ከዋጋው ሁለት ሦስተኛውን ሲያስተርፍ ኬክ ግማሹን እንኳ አያስተርፍምና። ስለዚህ የሁዳዴን ሽያጭ በ11,400 አይመዝኑት፤ በቀን 10,300 ያህል ከገባ ወጪዎ ተሸፍኗል። የጾም ኬክ ካስገቡ ግን ወጪው የተለየ ስለሆነ እንደ አራተኛ ዕቃ መዝግበው አማካዩን እንደገና ያውጡ።