ግማሽ ኢንች የሚባለው ቧንቧ ለምን ግማሽ ኢንች አይሆንም?

«ከግድግዳ የሚወጣው የብረት ቧንቧ ግማሽ ኢንች ነው ተባልኩ፤ ስለካው ግን 21 ሚሊ ሜትር ሆነ። ከቦይለሩ የሚመጣው መዳብ 15 ነው። ሻጩ ደግሞ ባለ 20 ፒፒአር የፕላስቲክ ቧንቧ ውሰድ አለኝ። እነዚህ እንዴት ይገጣጠማሉ?»

ልኬትዎ ትክክል ነው። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊ ሜትር ቢሆንም፣ በዚህ ስም የሚሸጠው የብረት ቧንቧ የውጭ ዲያሜትሩ 21.3 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስሙ የመጣው ከውስጥ ክፍተቱ ሲሆን፣ ዛሬ ከዚያም ጋር በትክክል አይገጥምም። የመጠምዘዣው ጥርስ የሚወጣው በውጩ ላይ ስለሆነ ቧንቧው ቢወፍርም ቢሳሳም ውጩ እንዳለ ይቆያል፤ የሚጠበውና የሚሰፋው ውስጡ ነው። መካከለኛ ውፍረት ያለው የብረት ቧንቧ ግድግዳው 2.6 ሚሊ ሜትር በመሆኑ፣ ለውሃው የሚቀረው ቀዳዳ 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

ፒፒአር የሚጠራው በተቃራኒው በውጭ ዲያሜትሩ ነው። ባለ 20 ማለት ውጩ 20 ሚሊ ሜትር የሆነ ማለት ነው፤ ለሙቅ ውሃ የሚሸጠው፣ የግፊት ደረጃው ፒኤን 20 የሆነው ግን ግድግዳው 3.4 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ውስጡ 13.2 ብቻ ይቀራል። ይህን የተማርኩት ተሳስቼ ነው። ከጣሪያ ላይ ታንከር በራሱ ክብደት ውሃ በሚወርድበት አንድ ቤት የዛገውን ግማሽ ኢንች ብረት አውጥቼ በሻጩ ምክር ባለ 20 ዘረጋሁበት፤ የቤቱ ባለቤትም ሻወሩ ከዛገው ቧንቧ የባሰ ደካማ መሆኑን በማግስቱ ነገሩኝ። ሒሳቡን የሠራሁት ከዚያ በኋላ ነው፦ 16.1 በራሱ ሲባዛ 259፣ 13.2 በራሱ ሲባዛ 174 ነው፤ ስለዚህ የውሃው መተላለፊያ ስፋት በሲሶ ቀንሷል። ባለ 25 ፒኤን 20 ግን ውስጡ 16.6 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የብረቱ እኩያ እርሱ ነው። ሱቅ ውስጥ ባለ 25ን «ሦስት ሩብ» ቢሉዎት አይደናገጡ፤ ዋናውን መስመር በእርሱ ይዘርጉ። ወደ አንድ የእጅ መታጠቢያ ብቻ ለሚሄድ አጭር ቅርንጫፍ ባለ 20 ይበቃል።

ብረቱና ፒፒአሩ በውጭ ልካቸው ፈጽሞ አይገናኙም፤ የሚያገናኛቸው ጥርስ ነው። ስለዚህ የሚጠይቁት አዳፕተር «ባለ 25 በግማሽ» ይባላል፤ በአንድ ጫፉ ባለ 25 ፒፒአር የሚበየድበት፣ በሌላው የነሐስ ጥርስ ያለው ነው። ከተቻለ ወንዴውን አዳፕተር መርጠው ከብረቱ ሶኬት ውስጥ ያስገቡ። የብረቱ ወንዴ ጥርስ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ስለሆነ፣ ቃጫ አብዝተው ጠምጥመው በሴቴ አዳፕተር ላይ በኃይል ሲያጠብቁት ነሐሱን የያዘው ፕላስቲክ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ብዙ ጊዜ ራሱን የሚገልጠው ግድግዳው ከተለሰነ በኋላ ነው።

ጥንቃቄ የሚሻው መዳቡ ነው፤ በአንድ ስም ሦስት የተለያዩ ልኮች ይሸጡበታልና። የአውሮፓው በውጭ ልኩ ይጠራል፤ 15 ካሉት ውጩ 15 ነው። የአሜሪካው የውሃ መዳብ ግማሽ ኢንች ተብሎ ውጩ 15.9 ሚሊ ሜትር ነው። የማቀዝቀዣ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ግማሽ ኢንች ደግሞ በእርግጥም ውጩ 12.7 ነው። ከአሜሪካ ዘመድ ያመጣው ቫልቭ ይዘው የመጡ ደንበኛ ነበሩኝ፤ ባለ 15 መዳባቸው በልቅነት ይገባበት ስለነበር በብየዳ ሊሞላ ይችላል ብለው ነበር። ሆኖም የመዳብ ብየዳ ወደ ውስጥ የሚሳበው ክፍተቱ ከሚሊ ሜትር አንድ አምስተኛ በማይበልጥበት ጊዜ ነው፤ ሚሊ ሜትር ሊሞላ ጥቂት በቀረው ልዩነት አይያዝም። የቫልቩ ጥርስም ከእኛው ጋር በግማሽ ኢንች ላይ በኢንች 14 ጥርስ መሆኑ ያመሳስለዋል፤ ነገር ግን የጥርሱ ማዕዘን የአሜሪካው 60፣ የእኛው 55 ዲግሪ ስለሆነ ጥቂት ዙር ይዞ ያንጠባጥባል።

ካሊፐር ከሌለዎት ቀጭን ወረቀት በቧንቧው ላይ አንድ ዙር ጠምጥመው መጋጠሚያውን በእስክሪብቶ ምልክት ያድርጉ፤ ከዚያም ዘርግተው በማስመሪያ ይለኩ። ባለ 15 መዳብ 47 ሚሊ ሜትር፣ የአሜሪካው 50፣ ግማሽ ኢንች ብረት 67 ገደማ ይሰጥዎታል። ጥርስ በሌለበትና የመጋዝ ቁርጥራጭ በተጠረገበት ቦታ ላይ ይለኩ።

የእርስዎ መዳብ 47 ከሆነ ባለ 15 በግማሽ የነሐስ ኮምፕሬሽን ማገናኛ ይግዙ፤ በመዳቡ በኩል ቀለበቱ ይነክሰዋል፣ በጥርሱ በኩል ደግሞ ከባለ 25 በግማሽ ሴቴ አዳፕተር ጋር ይታሰራል። የኮምፕሬሽኑ ጥርስ ነሐስ ስለሆነና በልክ ስለተሠራ፣ በጥቂት ቴፍሎን ሳይጨናነቅ ይጠብቃል።